እግሩን የረሳው፣ ዜማውን ያልረሳው

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ዓመት የከረመ ሰው ሰውነትን እያንቀሳቀሱ ማምለክ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም። አዲስ አበባን ከደቡብ ምዕራብ እስከ ሰሜን የከበቧት እነዚህ ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ከነባሩ የኦሮሞ ሕዝብ ጎን ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከጎጃምና ከጉራጌ የመጣ ሰው ይኖርባቸዋል፤ እያንዳንዱም አምልኮውን ይዞ ነው የመጣው። በጥምቀት ሰሞን ካህናት በጸናጽልና በከበሮ ታቦት ያጅባሉ። በመውሊድ መንዙማ በድቤ ይወርዳል። እሑድ እሑድ በፕሮቴስታንት አዳራሾች ጉባኤው እጁን አንሥቶ ይዘላል። በትምህርተ ሃይማኖት የማይገናኙት እነዚህ አምላኪዎች አንድ ነገር ግን ይጋራሉ፤ ሰውነት በሥርዓት ሲንቀሳቀስ ልብ ከውጣ ውረዱ ያርፋል፣ አልፎም ወደ ተመስጦ ይገባል ይላሉ። የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ይህን ዕረፍት የሚያመጣው ምንድን ነው የሚል ነው። ብዙ ሰው ፍጥነቱ፣ የከበሮው ምት ወይም ማዞሩ ነው ብሎ ይመልሳል። ማስረጃው ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመለክታል ብዬ አምናለሁ። ሐሳብን ጸጥ የሚያሰኘው አእምሮን ማድከም ሳይሆን ከዳር እስከ ዳር ሥራ ማስያዝ ነው፤ ይህንንም ከሁሉ ጠልቆ የሚያሳየን የገዛ አገራችን ማኅሌት ነው።

ስለ ጉዳዩ ሲነሣ ሰው ቀድሞ የሚያስበው የቱርክን ዳርዊሾች ስለሆነ ከእነሱ መጀመር ይሻላል። ጀላሉዲን ሩሚ እ.ኤ.አ. በ1273 ኮንያ ላይ ካረፈ በኋላ ልጁ ሱልጣን ወለድና ተከታዮቹ የመውለዊያን ጠሪቃ አደራጁ፤ መሽከርከሩም ሥርዓት ያለው ዚክር ሆነ። ዳርዊሹ ጥቁር ካባውን አውልቆ ይነሣል፤ ግራ እግሩን እንደ ምሰሶ ተክሎ በቀኙ እየገፋ ወደ ግራው ይዞራል፤ ቀኝ መዳፉ ወደ ሰማይ፣ ግራው ወደ ምድር ነው። ዙሩ አራት ክፍል አለው፤ በየመካከሉም ቆመው እጅ ይነሣሉ። ከውጭ ለሚያይ ሰውዬው ራሱን እያሰከረ ይመስላል። የውስጥ ጆሯችን የሚነግረን ግን ሌላ ነው። ሚዛን የሚጠብቁት ቦዮች ውስጥ ያለው ፈሳሽ መዞር ስንጀምር ወደ ኋላ ይቀራል፤ በአንድ ፍጥነት መዞራችንን ከቀጠልን ግን ከግማሽ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ከእኛ ጋር ይስተካከልና የመዞር ስሜቱ ይደበዝዛል። ድንገት ስንቆም ፈሳሹ ብቻውን ስለሚቀጥል ዓለም በተቃራኒው የዞረች ይመስለናል። ልጆች ዞረው ዞረው የሚወድቁት ከቆሙ በኋላ የሆነው ለዚህ ነው። ዳርዊሽ የሚሠለጥነው ይህን ስካር ለማግኘት አይደለም፤ ለመግራት ነው። ጀማሪው በእንጨት ገበታ ላይ የተመታ ሚስማር በግራ እግሩ ጣቶች መካከል ይዞ፣ ከቦታው ሳይናወጥ መዞርን ለረጅም ጊዜ ይለማመዳል። ፍጥነቱ እኩል፣ ዓይኑ የተከፈተ ግን በምንም ላይ ያላረፈ፣ አንገቱ ትንሽ ያዘነበለ ይሆናል። ማዞር ራሱ ተመስጦ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ የሚመሰጠው ጀማሪው በሆነ ነበር። ጀማሪው ግን የሚያገኘው ማቅለሽለሽ ነው፤ ዕረፍቱ የሚመጣው ማዞሩ ከተሸነፈ በኋላ፣ ሰውየው እግሩን፣ እጁን፣ የጎረቤቱን ርቀትና በልቡ የሚደጋግመውን የአላህን ስም አንድ ላይ መያዝ ሲችል ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ከመሽከርከር ጋር በመልክ የሚቀርበው የዛር ጉሪ ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ውስጥ በአንዲት የታወቀች የዛር ባለውቃቢ ቤት እየተመላለሰ ያየውን መዝግቧል። ዛር የያዛት ሴት ትንበረከካለች፤ ጭብጨባውና ዘፈኑ ሲሞቅ ከወገቧ በላይ ያለው ሰውነቷ መዞር፣ ራሷም መወዛወዝ ይጀምራል፤ እየፈጠነ ይሄድና በድካም ያበቃል። ከዚያ ዛሩ ስሙን ተናግሮ ይፎክራል። የሌሪስ ትልቅ ትዝብት ይህ ሁሉ የዘፈቀደ እንዳልሆነ ነው። እያንዳንዱ ዛር የራሱ ጉሪ፣ የራሱ ፉከራና ልብስ አለው፤ አዲስ የተያዘች ሴትም የዛሯን ጉሪ ከነባሮቹ መካከል ሆና ትማራለች። ስለዚህ በጉሪም ውስጥ ቢሆን ሥርዓት አለ። ነገር ግን መጨረሻው ይለያል። ዛር የያዛት ሴት ሲለቃት የሆነውን አላስታውስም ትላለች፤ የተናገረው ዛሩ ነው፣ እርሷ አልነበረችም። እዚህ ላይ ሐሳብ ጸጥ ያለው ሐሳቢዋ ከመድረኩ ስለወጣች ነው። ይህ አንድ መንገድ ነው፤ ለብዙ ሴቶችም የልብን ማውጫ ሆኖ እንዳገለገለ መካድ አይገባም። ሆኖም ሐሳብን ከማሳረፍ ይልቅ ራስን ለሌላ ማስረከብ ስለሆነ ከምንፈልገው ነገር ጋር አንድ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው።

አሁን ማኅሌቱን እንይ። አቋቋም የሚባለው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዜማን ከሰውነት እንቅስቃሴ ጋር የሚያስተሳስር ሲሆን ተማሪው ወደ እሱ የሚደርሰው ከዜማው ጋር ዓመታት ከታገለ በኋላ ነው። በበዓል ሌሊት መዘምራኑ በሁለት ወገን ፊት ለፊት ተሰልፈው ይቆማሉ፤ በቀኝ ቀኝ ጌታው፣ በግራ ግራ ጌታው፣ ከሁሉም በላይ መሪጌታው አለ። አንዱን ዜማ ከመነሻው እስከ መድረሻው ብንከተለው ነገሩ ይገለጣል። መጀመሪያ በቁም ይዜማል፤ ከበሮም ጸናጽልም የለም፣ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። በጣም ይረዝማል፤ አንዲት ፊደል ከወጣች ወርዳ እስክትመለስ አዲስ ሰው ቃሉ ይጠፋበታል። ቀጥሎ ያው ቃል ዝማሜ ይሆናል፤ መቋሚያው ከትከሻ ይወርድና ከዜማው ጋር ወደ ጎን፣ ወደ ፊት፣ ወደ መሬት ይሄዳል፤ ሰውነትም አብሮት ያዘነብላል። ከዚያ ጸናጽሉ ይነሣል፤ በሽቦ ላይ የተሰኩት ብረቶች የሚሰጡት ድምፅ እጅ ሲወርድና ሲነሣ ስለሚለያይ የእጁ ስሕተት ወዲያው ይሰማል። ከበሮው በመረግድ ይገባል። በቀስታው ምዕራፍ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ መቺውም አብሮት ተቀምጦ ይመታል፤ ትልቁ ፊት ወፍራም፣ ትንሹ ፊት ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ዜማው እየጠበቀ ሲሄድ ከበሮው በአንገት ይንጠለጠላል፣ መቺውም ተነሥቶ ይቆማል። በመጨረሻ ጽፋት ይመጣል፤ ጭብጨባ ይጨመራል፣ ጉልበት ይታጠፋል፣ ሁለቱ ወገን አንድ አካል መስሎ ይወርዳል ይነሣል። በቀስታው ጊዜ ቃሉ የጠፋበት ያ አዲስ ሰው አሁን ቃሉን አጥርቶ ይሰማዋል።

በዚህ ሂደት ውስጥ ቃሉ አልተለወጠም። የተለወጠው በቃሉ ላይ የተጫነው ሥራ ነው። በየደረጃው አንድ አንድ ነገር ይጨመራል፤ ከቀደመው ግን የሚቀነስ የለም። በጽፋቱ ጊዜ ያለ መዘምር ቃሉን በቃሉ ይዟል፣ የዜማውን ምልክት ያስታውሳል፣ እጁና ጉልበቱ በምቱ ላይ ናቸው፣ ጆሮው የወዲያኛውን ወገን ይጠብቃል፣ ዓይኑም ከመሪጌታው አይነቀልም። ለጎረቤቱ ብድር፣ ለነገ ጉዞ ወይም ለትናንት ቅያሜ የሚተርፍ ቦታ የለውም። ይህ ከሥነ ልቦና ጥናት ጋር ይስማማል። ውስጣችን የሚያወራው ድምፅ ለመናገር የምንጠቀምበትን መሣሪያ ነው የሚጠቀመው፤ ስለዚህ አንድን ቃል ድምፅ አውጥቶ የሚደጋግም ሰው በዚያው ጊዜ በልቡ ሌላ ቃል መደጋገም እጅግ ይከብደዋል። እንግሊዛዊው አለን ባድሊና ባልደረቦቹ ስለ አጭር ጊዜ ትውስታ ካደረጓቸው ሙከራዎች ጸንተው ከቆዩት አንዱ ይህ ነው። ትንፋሽም ድርሻ አለው። ረጅም ሐረግ በአንድ ትንፋሽ የሚያዜም ሰው ሳያውቀው አተነፋፈሱን ያዘገያል። እ.ኤ.አ. በ2001 ጣሊያን ውስጥ የተደረገ ጥናት የካቶሊክን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን የሚደግሙ ሰዎች ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ ስድስት እንደሚወርድና የልባቸው ምትም ከዚሁ ጋር እንደሚስተካከል አሳይቷል። ማኅሌት በቁም ዜማ ለምን እንደሚጀምር ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ሰውነት ከመነሣቱ በፊት ትንፋሽ ይረጋል።

የወሎው መንዙማም በሌላ ቋንቋ ያንኑ ይመሰክራል። እንደ ጀማ ንጉሥ ባሉ የታወቁ የሐድራ ቦታዎች ያደገው ሥርዓት አውጪና ተቀባይ አለው። አውጪው ረጅሙን ግጥም ይዞ ይሄዳል፤ ጀማዓው አዝማቹን በድቤና በጭብጨባ እየተወዛወዘ ይመልሳል። የተቀባዩ ቃል አንድ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በትክክለኛዋ ቅጽበት መግባት አለበት፤ ከዘገየም ከፈጠነም ይታወቅበታል። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ምቱ ይጠብቃል፣ ሰውም ወደ ሐል ይገባል። እዚህም ልምዱ ከቀስታ ወደ ፍጥነት እንጂ ከፍጥነት ወደ ፍጥነት አይሄድም።

ተመስጦን በተመለከተ ቤተ ክርስቲያን የምትተርከው አንድ ታሪክ አለ፤ ለክርክሬ ከሁሉ የሚቀርበው እሱ ነው። በስድስተኛው መቶ ዘመን አክሱም ላይ ቅዱስ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ ከዜማው ጣዕም የተነሣ ጦሩን የያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ፈሰሰ፤ ዜማው እስኪፈጸም ግን ወጊውም ተወጊውም አላወቁም። ይህን ታሪክ ስንሰማ ዓይናችን በደሙ ላይ ያርፋልና ዋናው ነገር ያመልጠናል። ያሬድ እግሩን ረሳ፤ ዜማውን አልረሳም። አልወደቀም፣ ቃሉ አልተሳከረም፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው አደረሰው። ትውፊቱ ፍጹም አድርጎ ያቀረበልን ተመስጦ እንግዲህ ይህ ነው፤ ራስን መርሳት ከፍ ያለ ማስታወስን አይሽርም። በነገራችን ላይ ሕመም አለመሰማቱን በተመለከተም ዘመናዊ ጥናት ትንሽ የሚለው አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሙከራ ወጣቶች በአንድነት እኩል ሲጨፍሩ ሕመምን የመቻል አቅማቸው ከፍ እንደሚል አግኝቷል፤ የእንቅስቃሴው ብርታትና ከሌሎች ጋር መግጠሙም እያንዳንዳቸው ለየብቻ አስተዋጽኦ ነበራቸው። ሕመሙ የተለካበት በእጅ ላይ የሚጠብቅ የደም ግፊት መለኪያና ጦር አንድ አይደሉም፤ ጥናቱ ትውፊቱን አረጋገጠ ማለትም አይቻልም። አቅጣጫው ግን አንድ ነው።

ተቃውሞዎች አሉ፤ ጠንካራ ናቸውም። የመጀመሪያው፣ ሌሊቱን ሙሉ ጾሞ የቆመ ሰው በረኃብና በእንቅልፍ እጦት ብቻ ሊፈዝ ይችላል፤ ዜማውና ሽብሸባው ምን ጨመሩ የሚል ነው። ጾምና ትጋህ እንደሚያግዙ አልክድም። ነገር ግን ያለ እራት ሲጠብቅ ያደረ ዘበኛም ተርቧል፣ እንቅልፍም አላገኘም፤ ንጋት ላይ የሚሰማው ግን ድካምና ብስጭት ነው። ረኃብና ትጋህ አእምሮን ያሳሳሉ እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አይነግሩትም። ሁለተኛው ከበሮ ብቻውን ይበቃል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የከበሮ ምት በአንጎል ላይ በቀጥታ ይሠራል የሚል አስተሳሰብ በምዕራቡ ዓለም ገንኖ ነበር። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ሊቅ ጊልቤር ሩዤ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ሰፊ መጽሐፍ የብዙ አገሮችን ልማድ አነጻጽሮ ይህን ውድቅ አደረገው፤ ያው ምት አንዱን ይወስዳል፣ ሌላውን አጠገቡ ቆሞ ይተወዋል። ለዚህ የእኛው ጥምቀት በቂ ምስክር ነው፤ በከበሮው ዙሪያ ካለው ሕዝብ ስንቱ ስልኩን አንሥቶ ይቀርጻል። ምቱ የሚሠራው ትርጉሙን ለሚያውቅና ድርሻ ላለው ሰው ነው። ሩዤ ሌላም ያስተማረን አለ፤ በጩኸት፣ በእንቅስቃሴና በሕዝብ መካከል የሚመጣውን ሁኔታ በጸጥታና በብቸኝነት ከሚመጣው ለይቶታል። ማኅሌት በመልኩ ከመጀመሪያው ወገን ነው፤ ፍሬው ግን ወደ ሁለተኛው ያደላል ባይ ነኝ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከውስጥ የሚመጣ ስለሆነ ይበልጥ ያስጨንቃል። ዓመታት የተለማመደ ደብተራ እጁና አፉ ራሳቸውን ችለው ስለሚሄዱ አሳቡ እንደ ልቡ ሊዞር ይችላል፤ ስለ ድምፁ ማማር፣ ስለ ማዕረጉ ወይም ስለ ድግሱ እያሰበ ሳይሳሳት ሊያደርስ ይችላል። እውነት ነው። ሥራው ከተለመደ በኋላ አእምሮን አይሞላም። ሥርዓቱ ለዚህ ያበጀው መድኃኒት ልማዱን ማወክ ነው። ድጓው ዓመቱን ሙሉ ከበዓል በዓል ይለያያል፤ ዜማው በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ይፈራረቃል፤ ወገኖቹ ይቀባበላሉ፤ ቅኔው ደግሞ ለዚያ ቀን አዲስ ነው። እንዲህም ሆኖ ልቡ የባከነ መዘምር ይኖራል፤ መለየቱም ያን ያህል አይከብድም። የባከነው ከጎረቤቱ ይልቅ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ወይም ጸናጽሉን ከወገኑ ግማሽ ምት ያስቀድማል። የተመሰጠው ደግሞ ድምፁ ከሌሎቹ ተለይቶ አይሰማም። በሌላ በኩል ከንፈሩና የጣቶቹ ጫፍ የደነዘዘበት፣ ትንፋሹ የተቆራረጠበት ሰው ካለ እየተመሰጠ ሳይሆን ከመጠን በላይ እየተነፈሰ ነው፤ በሁሉም ቤተ እምነት በተቻኮለ አምልኮ የሚያጋጥም ነው። ትንፋሹን አዘግይቶ መቀመጥ ይገባዋል።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ሊቃወሙ ይችላሉ፤ ማኅሌት ምስጋና እንጂ ልብ ማሳረፊያ ዘዴ አይደለም፣ መቋሚያውና ከበሮውም የጌታን መከራ ያስታውሳሉ እንጂ የአእምሮ መሣሪያ አይደሉም ይላሉ። ይህን ተቃውሞ እቀበለዋለሁ፤ ክርክሬንም ያጸናዋል። መቋሚያው ወዲያና ወዲህ ሲል የክርስቶስን መንገላታት፣ የከበሮው ጠፍር ግርፋቱን የሚያስብ ሰው እንቅስቃሴው ሁሉ ሐሳብ ተሸክሞለታል። ዕረፍት ሊፈልግ ብሎ የሚያዜም ሰው ግን በየደቂቃው አሁን አረፍኩ ወይ ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ ጥያቄው ራሱ ያ ጸጥ ሊል የሚገባው ሐሳብ ነው። ስለዚህ ፍሬው የሚገኘው ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። ይህ በኮንያም ይሠራል፤ ቱርክ እ.ኤ.አ. በ1925 ጠሪቃዎችን ከዘጋች በኋላ መሽከርከሩ ለጎብኚ ትርኢት ሆኖ ሲመለስ እንቅስቃሴው አልጎደለም፤ የጎደለው ዚክሩ ነበር።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። አዳዲስ አብያተ ክርስቲያናት ተተክለዋል፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም በጥምቀትና በመስቀል አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ወረብ ያቀርባሉ። ትጋታቸው የሚያስደስት ነው፤ ብዙው ሕዝብ ያሬዳዊውን ዜማ የሚያየው በእነሱ በኩል ነው። ነገር ግን ለአደባባይ የሚመረጠው አብዛኛውን ጊዜ ሞቅ ያለው ክፍል ብቻ ነው፤ ከቪዲዮ የሚለማመደውም እርምጃውንና የእጁን አወራረድ እንጂ ቃሉን በቁም ዜማ የያዘበትን ረጅም ሰዓት አያገኝም። እንዲህ የተማረ ወጣት ሲያሸበሽብ አእምሮው ቀጣዩን እርምጃ በመቁጠር ይያዛል፤ እርምጃውን ሲለምደው ደግሞ የሚይዘው ነገር አይኖርም፤ ከሥር ዜማ የለምና። መፍትሔው ወረቡን መቀነስ አይደለም። አንዱን የበዓል ወረብ መርጦ፣ መሪጌታ ባለበት፣ ከበሮው ሳይነካ በቁም ብቻ ብዙ ሳምንት ማዜም፣ መቋሚያውን ቃሉ በልብ ካደረ በኋላ ማንሣት፣ ጸናጽሉን ከዚያ፣ ከበሮውን ከሁሉ በኋላ ማስገባት ይቻላል። በአንድ ዓመት ውስጥ የሚዘልቀው ወረብ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ቢሆንም፣ ጽፋቱ ላይ ሲደርሱ ቁም ዜማው ከሥሩ ይኖራል።